የአማርኛ ፎንት ለብራንድ ስትመርጡ፦ ኖቶ፣ አቢሲኒካ፣ ኒያላ ወይስ የእጅ ጽሑፍ?

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀመረው በሎጎ ነው። ባለቤቱ ወይም ዲዛይነሩ የድርጅቱን ስም ኮምፒውተር ላይ በትልቁ ይጽፍና ፎንት እየቀያየረ ያያል። አንዱ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ያንኑ ፎንት ማሸጊያው ላይ፣ ቢዝነስ ካርዱ ላይ፣ ታፔላው ላይ፣ ዌብሳይቱ ላይ ያስገባዋል። ጉዱ የሚታየው ማሸጊያው ታትሞ ሲመጣ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ስም ያምራል፣ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ግን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል።

እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ የብራንዱን ትንሿን ጽሑፍ ፈልጉ። የማብቂያ ቀኗ ናት? የአያያዝ መመሪያዋ? ስልክ ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር? እሷን የሚችል ፎንት ካገኛችሁ በኋላ ወደ ሎጎው ትወጣላችሁ። ሎጎው ሌላ ፎንት ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ፎንት ላይሆንም ይችላል፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በ250 ግራም ከረጢት አሽጎ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት እንውሰድ። ከረጢቱ ቡናማ ክራፍት ወረቀት ነው። አንድ ሱቅ አለው፣ ታፔላ ይፈልጋል። ቴሌግራም ቻናል አለው፣ ቀለል ያለ ዌብሳይትም ማሠራት ይፈልጋል። ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ አለበት። አብዛኛው አዲስ ብራንድ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የእኛ ፊደል ሲያንስ የት ይሰበራል?

ፎንቶቹን ከማወዳደራችን በፊት ምን እንደምናይ እንስማማ፤ አለበለዚያ ውድድሩ «ይሄ ያምራል፣ ያ አያምርም» ሆኖ ይቀራል።

የላቲን ፊደል ጥቂት ቅርጾች አሉት፤ አንባቢው በትልቅና በትንሽ ፊደል፣ ከመስመር በላይና በታች በሚወጡ ጫፎች ቃሉን በቅርጹ ያውቀዋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሁሉም ከሞላ ጎደል አንድ ቁመት ላይ ተደርድሮ ይቆማል። ልዩነቱን የሚሸከሙት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ ራስ ላይ ያለች ሰረዝ፣ ወገብ ላይ ወይም እግር ስር ወደ ቀኝ የወጣች መስመር፣ አንዲት ትንሽ ቀለበት።

«ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለዩት ሸ አናት ላይ ባለችው ሰረዝ ብቻ ነው። «ደመረ» እና «ጀመረ»ም እንደዚያው፣ ራስ አካባቢ ባለች ትንሽ ምልክት ነው የሚለያዩት። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘም አሉ። ቡ፣ ቢ እና ቤን ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቡ ወገቧ ላይ መስመር አላት፣ ቢ እግሯ ስር፣ ቤ ደግሞ እግሯ ስር ቀለበት። ጽሑፉ ሲያንስ የቤ ቀለበት በቀለም ይሞላና ድፍን ነጥብ ይሆናል። ከቢ ጋር ልዩነቱ ያኔ ያልቃል። አንባቢው «ቤት» የሚለውን በግምት ያነበዋል፤ የማያውቀው የቦታ ስም ወይም የመድኃኒት ስም ከሆነ ግን ግምቱም አይሠራም።

ስለዚህ ፎንት ስትፈትኑ «አበበ በሶ በላ» አትጻፉ። እዚያ ውስጥ ያሉት ፊደሎች ቀላል ናቸው፣ የትኛውም ፎንት ያልፋቸዋል። ለቡናው ድርጅታችን ጥሩ መፈተኛ የሚሆኑት የራሱ ቃላት ናቸው። «ይርጋጨፌ» አሪፍ ናት፦ ጨ መስመር ከሚበዛባቸው ፊደሎች አንዷ ናት፣ ፌ ደግሞ ቀለበት አላት። «ጉጂ» እና «ጅማ» የጀን ምልክት ይፈትናሉ። «የተፈጨ»፣ «የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ»፣ «በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚሉትንም ጨምሩ፤ ምክንያቱም በትንሹ የሚታተሙት እነሱ ናቸው።

ኖቶ ሳንስ፣ ኖቶ ሰሪፍ እና አቢሲኒካ

ከነጻዎቹ ውስጥ በቁም ነገር የሚወዳደሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ሦስቱም ክፍት የፎንት ፈቃድ ያላቸው ስለሆኑ ለንግድ ሥራ ትጠቀሙባቸዋላችሁ፣ ዌብሳይት ላይም ትጭኗቸዋላችሁ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ፎንቱን ራሱን ለብቻው መሸጥ ነው የማይፈቀደው።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የጉግል ነው። መስመሮቹ ውፍረታቸው ከሞላ ጎደል እኩል ነው፣ በጣም የሚቀጥን ቦታ የለም። ዋናው ጥንካሬው ግን የውፍረት ምርጫው ነው፤ ከ100 እስከ 900፣ ማለትም ከክር ከሚቀጥነው እስከ ድፍኑ ድረስ ይሄዳል። ጠበብ ያሉ ዓይነቶችም አሉት። ይሄ ለአማርኛ ከላቲን የበለጠ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ላይ ርዕስን በትልቅ ፊደል፣ ማስታወሻን በዘመም መለየት ትችላላችሁ። እኛ ሁለቱም የሉንም። የቀረን ውፍረት፣ መጠንና ቀለም ነው። ከሦስቱ አንዱን የሚነሳችሁ ፎንት ብራንዱን በአንድ እጁ እንዲሠራ እያደረገው ነው።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ባሕርይ የለውም። አንድሮይድ ስልክ ላይ በየቀኑ የምናየው ስለሆነ ለዓይን «የስልክ ጽሑፍ» ይመስላል። ለባንክ መተግበሪያ ችግር የለውም። ባህላዊ ስሜት ለሚፈልግ ቡና ግን ሎጎው ላይ ብቻውን ደረቅ ይላል።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በቀጭንና ወፍራም መስመር መካከል ልዩነት አለው፣ ወደ መጽሐፍ ጽሑፍ ይቀርባል። የውፍረት ምርጫውም እንደ ሳንሱ ሰፊ ነው። እኔ በግሌ ለረዥም ጽሑፍ፣ ለብሮሹር፣ ስለ ገበሬዎቹ ለሚተረክ ገጽ እሱን እመርጣለሁ። ትንሽ ጽሑፍ ላይ ግን ቀጭኑ መስመር ቀድሞ ይጠፋል።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል የብራና እጅ ጽሑፍን መንፈስ የያዘ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ሰው ሁሉ «ይሄ ነው አማርኛ» የሚለው እሱን ነው። በትልቁ ሲጻፍ ደስ ይላል። ችግሩ ውፍረቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ቦልድ የለውም። «እኔ ጋ ቦልድ ይሠራል» የሚል አይጠፋም፤ የምታዩት ሶፍትዌሩ መስመሩን ዙሪያውን አወፍሮ የፈጠረው የውሸት ቦልድ ነው። እውነተኛ ቦልድ ሲሣል ዲዛይነሩ የፊደሉን ክፍተቶች ያሰፋል፤ የውሸቱ ግን ወደ ውስጥም ስለሚወፍር የጤ ቀለበት፣ የጨ እግሮች መሃል ይደፈናል። እንዴት ታውቁታላችሁ? ጽሑፉን በጣም አጉሉትና ከተለመደው ውፍረት ጋር አነጻጽሩት። ማዕዘኖቹ ክብ ክብ ካሉ፣ ቀዳዳዎቹም ከጠበቡ፣ የውሸት ነው። ወይም ቀለል ባለ መንገድ፣ የፎንቱ ዝርዝር ውስጥ ቦልድ የሚል ለብቻው የተሰየመ ፋይል መኖሩን እዩ።

አሁን ወደ ከረጢታችን። የጀርባውን ጽሑፍ በሦስቱም ፎንት በ6፣ በ7፣ በ8 እና በ9 ነጥብ ጻፉት። አንዴ ጥቁር በክራፍት ላይ፣ አንዴ ደግሞ ነጭ ሆኖ በጠቆረ መደብ ውስጥ። ቢሮ ባለው ሌዘር ፕሪንተር በነጭ ወረቀት አትፈትኑት፤ ሌዘር ሁሉንም ያሳምራል። ማተሚያ ቤቱ በሚያትምበት ትክክለኛ ወረቀት ላይ የሙከራ ህትመት ጠይቁ። ክራፍት ቀለም ይመጥጣል። የተመጠጠው ቀለም ወደ ጎን ይሰፋል። 7 ነጥብ ላይ አንድ ፊደል ቁመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ የፌ ቀለበት ውስጥ ያለው ክፍተት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቡት። ቀለሙ ትንሽ ሲሰፋ ያልቃል።

በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ነገር ይሄ ነው። ኖቶ ሳንስ በተለመደው ውፍረት 7 ነጥብ ላይ ይነበባል፣ 8 ላይ ምቹ ነው። ኖቶ ሰሪፍ 8 ይፈልጋል። አቢሲኒካ 9 እና ከዚያ በላይ ካልሆነ አትድፈሩ። ነጭ በጥቁር መደብ ከሆነ ሁሉም ላይ አንድ ነጥብ ያህል ጨምሩ፣ ውፍረቱንም አንድ ደረጃ አሳድጉ፤ ምክንያቱም ዙሪያውን ያለው ቀለም ወደ ነጩ መስመር ይገባበታል። እዚህ ላይ አቢሲኒካ ውፍረት የሚጨምርበት መንገድ ስለሌለው ከውድድሩ ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ፎንት ሳይሆን ቀለም ነው፣ ግን ፎንቱን የሚያጠፋው እሱ ነው። ቡናማ ጽሑፍ በአራት ቀለም ድብልቅ ሲታተም አራቱ ቀለማት ልክ እላይ በላይ ማረፍ አለባቸው። ትንሽ ከተንሸራተቱ ትልቁ ስም ላይ አይታወቅም፣ ትንሹ ጽሑፍ ግን ጥላ ያለው ይመስላል፣ ሰረዞቹም ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ስለዚህ ትንሹን ጽሑፍ በአንድ ቀለም ብቻ፣ በተቻለ መጠን በጥቁር አድርጉት። ደንበኛው «ከብራንዱ ከለር ጋር አይሄድም» ካለ፣ ማተሚያ ቤቱ ያንን ቡናማ ለብቻው አንድ ቀለም አድርጎ ያትመው እንደሆነ ጠይቁ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን መፍትሄ ነው።

ኮምፒውተሩ ይዟቸው የመጣውስ?

ኒያላን ሁሉም ያውቀዋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣ ነው፣ የአማርኛ ደብዳቤ ሁሉ በእሱ የተጻፈበት ዘመን ነበር። መጥፎ ፎንት አይደለም። እንደውም አሣሣሉ ጥሩ ነው። ለብራንድ ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛ፣ እንደ አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ በየቢሮው የምናየው የኒያላ ቦልድ የውሸት ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ እንደ ተጨማሪ ጥቅል እንጂ ከመጀመሪያው ተጭኖ አይመጣም። እናንተ በኒያላ ያዘጋጃችሁት የዋጋ ዝርዝር ደንበኛው ጋ ሲከፈት በሌላው የዊንዶውስ ፎንት፣ በኤብሪማ ሊታይ ይችላል። መስመሩ ይዘላል፣ ሰንጠረዡ ይፈርሳል። ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ፎንት ስለሆነ ጽፋችሁ ማተም ትችላላችሁ፤ ፋይሉን ዌብሳይት ላይ መጫን ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

ኤብሪማ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አማርኛ ያሳያል፣ እውነተኛ ቦልድም አለው። ለስክሪን ደህና ነው። የአፕሉ ከፋም እንዲሁ ለማክ ተጠቃሚ ጥሩ ነው። የሁለቱም ጉድለት ያው የኒያላው ሁለተኛና ሦስተኛ ነጥብ ነው፦ ሁሉም ሰው ጋ አይገኙም፣ ይዛችኋቸውም አትሄዱም። ለውስጥ ደብዳቤ ተጠቀሙባቸው። ለብራንድ ዋና ፎንት አታድርጓቸው።

የድሮዎቹን የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ ፎንቶች በተመለከተ አጭር ልሁን። ብዙ ማተሚያ ቤትና ብዙ ነባር ዲዛይነር እጅ ላይ አሉ፣ አንዳንዶቹ ቅርጻቸው ዛሬም ተወዳዳሪ የለውም። ዩኒኮድ ያልሆኑት ግን የአማርኛ ፊደሉን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ለማወቅ ጽሑፉን ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርግፍ ከሆነ ዩኒኮድ አይደለም። ሎጎ ላይ ቅርጹ ወደ ሥዕል ስለሚቀየር ችግር የለውም፣ ተጠቀሙበት። ለሚነበብ፣ ለሚፈለግ፣ ኮፒ ለሚደረግ ጽሑፍ ግን በፍጹም፤ በእሱ የተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ ጉግል «ይርጋጨፌ»ን አያገኝም።

ስክሪን ላይ

አንድ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ዲዛይነሩ ዌብሳይቱን በፖፒንስ ወይም በሮቦቶ ይሠራል። ሁለቱም የአማርኛ ፊደል የላቸውም። አማርኛው ግን ገጹ ላይ ይታያል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። የሆነው ምንድን ነው? ፎንቱ ፊደሉን ሲያጣ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ የራሱን አውጥቶ ተካ። ሳምሰንግ ላይ አንድ መልክ፣ አይፎን ላይ ሌላ መልክ፣ ዊንዶውስ ላይ ሦስተኛ። እንግሊዝኛው ብራንድ አለው፣ አማርኛው የለውም።

መፍትሄው የአማርኛውን ፎንት በስሙ መጥራት ነው፤ ላቲኑ ይቅደም፣ አማርኛው ይከተል። ላቲኑ የሌለውን ፊደል ከሁለተኛው ይወስዳል። ቁጥሩና ባዶ ቦታው ከላቲኑ ይመጣል።

```css
@font-face {
  font-family: "Noto Sans";
  src: url("NotoSans.woff2") format("woff2");
  font-weight: 100 900;
}
@font-face {
  font-family: "Brand Ethiopic";
  src: url("NotoSansEthiopic.woff2") format("woff2");
  font-weight: 100 900;
  unicode-range: U+1200-139F, U+2D80-2DDF;
  size-adjust: 95%;
}
body {
  font-family: "Noto Sans", "Brand Ethiopic", sans-serif;
  font-size: 17px;
  line-height: 1.7;
  font-synthesis: none;
}
```

ሦስት መስመር ላይ ላብራራ። `size-adjust` ያለው የአማርኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ትንሽ ፊደል ስለሚተልቅ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አማርኛው የሚጮህ ይመስላል። ቁጥሩ 95 የሆነው ለምሳሌ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ሁለት ፎንቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ዓይናችሁ እስኪረካ አስተካክሉት። `line-height` ላይ እንግሊዝኛ በ1.5 ይመቸዋል፣ አማርኛ ግን ፊደሎቹ የመስመሩን ቁመት ሞልተው ስለሚቆሙ በመስመሮቹ መሃል አየር ይፈልጋል፤ ከ1.6 እስከ 1.8 ድረስ ሞክሩ። `font-synthesis: none` ደግሞ ያንን የውሸት ቦልድና የውሸት ዘመም ይከለክላል። ዘመም አማርኛ ባይኖር ማንም አይጎዳም።

ውፍረት ላይ ቀጭኖቹን ዲዛይነሮች ይወዷቸዋል፣ ትልቅ ስክሪን ላይ ስለሚያምሩ። ፀሐይ ላይ ቆሞ ርካሽ ስልክ ለሚያነብ ሰው ግን 300 ከታየም ግራጫ ጭረት ነው። ለዋናው ጽሑፍ 400፣ ለርዕስ 600 ወይም 700 በቂ ነው። 900 አማርኛ ላይ ከሎጎ ውጭ አያስፈልግም፤ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ጽሑፋችሁ በተጠቃሚው ስልክ ፎንት ነው የሚታየው፣ እዚያ ምርጫ የላችሁም። ምርጫ ያላችሁ ሥዕሉ ላይ ነው። የሥዕል ጽሑፍ ደግሞ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ላይ በትልቁ እያያችሁ ነው የምትሠሩት። 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ፖስት ብዙ ስልክ ላይ ወደ ሲሶው ያህል ተቀንሶ ይታያል። ስለዚህ በስልክ 16 ሆኖ እንዲነበብ የምትፈልጉት ጽሑፍ ሥዕሉ ላይ 48 መሆን አለበት። ይሄን ስነግራቸው «በጣም ተለቀ፣ ቦታ አልበቃኝም» የሚሉ አሉ። ቦታ ካልበቃ ቃል ቀንሱ። ዋጋውንና የቡናውን ዓይነት ሥዕሉ ላይ፣ የቀረውን ከሥር በጽሑፍ አድርጉት።

ሳልረሳው፣ አራት ነጥብ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ደግሞ «፡፡» ይጽፋል። ዓይን ላይ ይመሳሰላል። ክፍተቱ ግን ከፎንት ፎንት ይለያያል። ትክክለኛው «።» አንድ ፊደል ነው። ጽሑፉ ወደ ዲዛይን ከመግባቱ በፊት ፈልጎ መተካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሎጎው፦ ፎንት ወይስ የእጅ ሥራ?

አሁን ትንሿ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ላይ ተቀምጣለች። ሎጎው ነፃ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ካለ ፎንት ተነስቶ ማስተካከል ነው። ቡናችን ባህላዊ ስሜት ከፈለገ አቢሲኒካ እዚህ ቦታውን ያገኛል። በትልቁ ስለሚጻፍ ቀጭን መስመሩ አይጠፋም፣ አንድ ውፍረት ብቻ መሆኑም አያስጨንቅም። ወደ ሥዕል ቀይሩትና በፊደሎቹ መሃል ያለውን ርቀት በእጅ አስተካክሉ። የእኛ ፊደሎች ስፋታቸው በጣም ይለያያል። ጨ ሰፊ ናት፣ ር ጠባብ። ኮምፒውተሩ የሰጣችሁ ርቀት ለጽሑፍ ይበቃል፣ ታፔላ ላይ ግን «ይር ጋጨ ፌ» መስሎ ይታያል። እንግሊዝኛ ሎጎ ላይ ፋሽን የሆነውን ፊደሎቹን በጣም የማራራቅ ነገር ግን አማርኛው ላይ አታምጡት፤ ቃሉ ወደ ነጠላ ፊደል ይበተናል።

ሁለተኛው መንገድ ማስጻፍ ነው። እጁ የሰለጠነ ሰው ስሙን በብዕር ወይም በብሩሽ ይጽፋል፣ ያ ይሣላል። ይሄ ከሁሉም የተለየ ብራንድ ይሰጣችኋል። ሰው «ኮካ ኮላ»ን በአማርኛ ጠርሙሱ ላይ ሳያነብ በቅርጹ የሚያውቀው ለዚህ ነው፤ ያ ሞገድ ያለው አጻጻፍ ወደ እኛ ፊደል ተወስዶ ነው እንጂ ከፎንት አልመጣም። ዋጋውን ካያችሁ ግን ከባድ ነው። ጊዜም ይፈልጋል። ደግሞም ሦስት ወይም አራት ፊደል ላላት አጭር ስም እንጂ ለ«አክሲዮን ማኅበር» አይሆንም። በእጅ ለሚጻፍ ሎጎ የማቀርበው አንድ ፈተና አለ፦ ስሙን ለማያውቅ ሰው በሥዕል ላኩለትና በድምፅ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። «ቢ ነው ቤ?» ብሎ ከጠየቀ አስተካክሉት። ስሙን የሚያውቅ ሰው መፈተኛ አይሆንም፣ ትክክለኛውን በልቡ ይዞ ነው የሚያነበው።

ከእንግሊዝኛው ስም ጋር ሲቀመጥ የፎንቱን ቁጥር አታመሳስሉ። ሁለቱንም 40 ብትሉ እኩል አይመስሉም። የምታመሳስሉት የመስመሩን ውፍረት ነው፤ የአማርኛው እግር ከእንግሊዝኛው ዘንግ ጋር እኩል እስኪወፍር መጠኑን ወይም ውፍረቱን ቀያይሩ። እንግሊዝኛውን በትልቅ ፊደል ካደረጋችሁት ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ ሁሉም አንድ ቁመት ስለሆነ ከእኛ ፊደል ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። በትንሽ ፊደል ከሆነ አማርኛው ሁልጊዜ የታላቅ ወንድም ይመስላል።

ታፔላው ላይ አንድ ነገር ልበል። ውስጡ መብራት ያለው ከሆነ ብርሃኑ ከፊደሉ ጠርዝ ያልፋል፣ ስለዚህ ማታ ላይ ፊደሉ ከቀኑ ይወፍራል፣ ቀለበቶቹም ይዘጋሉ። ለመብራት ታፔላ ከሎጎው ትንሽ ቀጠን ያለ፣ ቀዳዳዎቹ የተከፈቱ ለብቻው የተሠራ ፋይል አዘጋጁ። መብራት የሌለው ፍሌክስ ከሆነ ያው ሎጎ ይበቃል። ርቀቱን ለመፈተን ወጪ አያስፈልግም። ታፔላው 3 ሜትር ስፋት ቢኖረውና ሰው ከ30 ሜትር እንዲያነበው ብትፈልጉ፣ 15 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አትሙትና ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከ1 ሜትር ተኩል እዩት። ሂሳቡ አንድ ነው፣ ሁለቱም በ20 ተካፍለዋል። እዚያ ያልተነበበ መንገድ ማዶ አይነበብም።

ታዲያ የትኛው?

ለቡናው ድርጅት የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ማሸጊያው ጀርባና ዌብሳይቱ ላይ ኖቶ ሳንስ። ከረጢቱ ጀርባ ላይ 8 ነጥብ፣ ጥቁር፣ በግራ በኩል ብቻ የተደረደረ፤ በሁለቱም ጎን እኩል ካደረጋችሁት ረዣዥም የአማርኛ ቃላት ጠባብ ዓምድ ውስጥ ትልልቅ ክፍተት ይተዋሉ። ቦታ ካጠረ መጠኑን ከመቀነስ ጠበብ ያለውን ዓይነት ውሰዱ። ስለ ገበሬዎቹና ስለ አቆላሉ የሚተርከው ረዥም ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በጀቱ ጠባብ ከሆነ ግን ሳንሱ ብቻውን ይወጣዋል። ሎጎው ከአቢሲኒካ ተነስቶ በእጅ የተስተካከለ።

የመድኃኒት ወይም የባንክ ሥራ ቢሆን አቢሲኒካን ትቼ ሎጎውንም ከኖቶ ሳንስ ወፍራም ዓይነት አነሳ ነበር፤ እዚያ ሰው የሚፈልገው ስሜት ሌላ ነው። የመጽሐፍ አሳታሚ ቢሆን ደግሞ ኖቶ ሰሪፍን ወደ ፊት አመጣ ነበር። ለሠርግ ጥሪ ወረቀት ይሄ ሁሉ ክርክር አያስፈልግም፣ የወደዳችሁትን አድርጉ።

ለማተሚያ ቤቱ ስትልኩ ሁለት ፋይል ላኩ፦ አንዱ ጽሑፉ ወደ ሥዕል የተቀየረበት፣ እሱ ነው የሚታተመው፤ ሁለተኛው ጽሑፉ ያልተቀየረበት ከነፎንቱ፣ በሚቀጥለው ዙር ክብደቱ ከ250 ወደ 500 ግራም ሲቀየር ማረሚያ የሚሆናችሁ። የመጀመሪያውን ብቻ ከላካችሁ ማተሚያ ቤቱ ቁጥሯን ለመቀየር ሲል እጁ ላይ ባለው ፎንት አዲስ ይጽፋታል፣ ከረጢቱ ላይም ሌላ ፊደል ታያላችሁ። የፋይሉ ስም ላይ የፎንቱን ስምና ስሪት ጻፉበት፤ ኖቶ ሲታደስ የፊደሎቹ ስፋት ሊቀየር ስለሚችል አሮጌው ዲዛይን በአዲሱ ፎንት ሲከፈት መስመሩ ሊዘል ይችላል።